ስድስቱ ባዶ ሳጥኖች

በአራት ቢት ABCD የተጻፈን የቢሲዲ አሃዝ 3 ደምሮ ወደ ኤክሰስ-3 የሚለውጠው ሰርኪዩቴ በጌት ብዛት አስቸግሮኝ ነበር። ጥፋቱ የኔው ነው፦ ከ10 እስከ 15 ያሉት ግብዓቶች ስለማይመጡ በካርኖ ካርታው ላይ 0 ሞልቼባቸዋለሁ። ለከፍተኛው ቢት ያገኘሁት ይህን ነበር፦

```
w = A'BC + A'BD + AB'C'
```

ሳጥኖቹ ግን 0 አይደሉም፤ ምንም ቢሆኑ ግድ የለም። X ስጽፍባቸው 8 እና 9 ከስድስቱ ጋር ተቀላቅለው ስምንት ሳጥን ያለው አንድ ቡድን ሆኑ፤ እሱም A ብቻ ነው።

```
w = A + BC + BD
```

በ5 ፈተሽኩት፦ 0101 ሲገባ BD 1 ስለሆነ w 1 ሆነ፤ ሙሉው ውጤት 1000፣ ማለትም 8 ነው።

አንድ ጣጣ አለ። በስህተት 1101 ቢገባም የሚወጣው ያው 1000 ነው፤ ከ5 አይለይም። ግብዓቱን የሚልከው ቆጣሪ ከ9 ማለፍ የለበትም።