የቪአር መነጽራችሁ ዓለም ሲንቀጠቀጥ፦ ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የግራፊክስ ካርዱ?

ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ የምታዩት ዓለም ይንቀጠቀጣል፣ ይጎተታል፣ አንዳንዴም ሸርተት ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ትራኪንጉ፣ ማለትም መነጽሩ ያለበትን ቦታ የሚከታተልበት ዘዴ፣ ተበላሽቷል ብሎ ክፍሉን ማተራመስ ይጀምራል። ትራኪንጉ ግን ጤነኛ ሆኖ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን በሰዓቱ አላደርስ ብሎም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ችግሮች ይመሳሰላሉ፣ መፍትሄያቸው ግን ለየቅል ነው። እዚህ የማወራው ኩዌስት 2ን በገመድ ከመካከለኛ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የቪአር ጌሞችን በሚያስኬደው በስቲምቪአር ፕሮግራም ስለሚጫወት ሰው ነው።

መጀመሪያ ለዩት

ገመዱን ንቀሉና የመነጽሩ የራሱ መነሻ ገጽ ላይ ቁሙ። ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። እዚያም ወለሉ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ዓለሙ ከሸሸ ችግሩ ትራኪንግ ነው። እዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ የኮምፒውተሩ ጌም ሲከፈት ብቻ የነገሮች ጠርዝ እጥፍ ሆኖ ከታያችሁ ክፍላችሁን አትንኩት፣ በቀጥታ «ጌም ውስጥ ብቻ ይንቀጠቀጣል» ወደሚለው እለፉ።

ዓለሙ ይሸሻል፣ እጅ ይጠፋል

መነጽሩ የት እንዳለ የሚያውቀው በካሜራዎቹ የክፍሉን ማዕዘኖችና ዕቃዎች እያየ ነው። ባዶ ነጭ ግድግዳ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ትልቅ መስታወት ደግሞ የሌለ ክፍል ያሳየዋል። ስለዚህ መስታወቱን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ሥዕል ስቀሉ። ብርሃኑ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ይሁን። የቀን ፀሐይ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ መጋረጃውን ዝጉ። ፀሐዩ በመነጽሩ ሌንስ በኩል ከገባ ስክሪኑን ያቃጥለዋል፣ እሱ ደግሞ አይጠገንም።

እጃችሁ ብቻ የሚንሳፈፍ ከሆነ የኮንትሮለሩን ባትሪ ቀይሩ። ካሜራዎቹ እጃችሁን የሚያገኙት ኮንትሮለሩ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ የኢንፍራሬድ መብራቶች ነው፤ የጌጥ መብራቶች ያሉበት ክፍል ውስጥ ካሜራው ሊደናገር ይችላል። እጃችሁ ከጀርባችሁ ሲሆን መጥፋቱ ግን ብልሽት አይደለም፣ ካሜራው ስለማያየው ነው። ሌላው ቶሎ የሚረሳ ነገር የመብራቱ ብልጭታ ነው። በመነጽሩ ቅንብር ውስጥ Tracking Frequency የሚለውን ፈልጉና ከአገራችሁ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር አስማሙት፣ 50 ወይም 60 ኸርዝ።

ድንበሩ በየቀኑ ይጠፋል

ድንበሩ ከግድግዳና ከዕቃ ጋር እንዳትጋጩ በመጫወቻችሁ ዙሪያ በመነጽሩ የምታሰምሩት መስመር ነው። ድንበሩን ቀን አስምራችሁ ማታ በደብዛዛ መብራት ስትመለሱ መነጽሩ ክፍሉን ላያውቀው ይችላል። በምትጫወቱበት ብርሃን አስምሩት። ዕቃ ካዛወራችሁ የድሮውን የድንበር ታሪክ አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። የወለሉን ከፍታ ኮንትሮለሩን ወለል አስነክታችሁ አረጋግጡ፤ እዚህ ጋ ከተሳሳታችሁ ጌም ውስጥ ድንክ ወይም ረጅም ትሆናላችሁ። ቦታው ከተቻለ 2 ሜትር በ2 ሜትር ይሁን። መስመሩን ግን ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት። ማስጠንቀቂያው የሚታየው ስትጠጉ ነው፣ በፍጥነት የተወነጨፈ እጅ ደግሞ ሳይታይ ግድግዳውን ይመታል።

ጌም ውስጥ ብቻ ይንቀጠቀጣል

እንበል ካርዳችሁ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው፣ መነጽሩም 90 ኸርዝ ላይ ነው፣ በሰከንድ 90 ሥዕል ያሳያል። ያ ማለት ካርዱ ለአንድ ሥዕል ወይም ፍሬም ያለው ጊዜ 11.1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀውን ጊዜ የሚያሳየው የስቲምቪአር የፍሬም ግራፍ 15 ካሳያችሁ ካርዱ በእያንዳንዱ ፍሬም እያረፈደ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሪዞሉሽን፣ ማለትም የሥዕሉን የፒክስል ብዛት፣ አልነካም፤ በኮምፒውተሩ የሜታ መተግበሪያ ውስጥ ኸርዙን ወደ 72 አወርደዋለሁ። አሁን ጊዜው 13.9 ሚሊሰከንድ ሆነ።

የካርዱ 15 ሚሊሰከንድ አሁንም ከዚህ ስለሚበልጥ በስቲምቪአር ውስጥ Settings > Video ገብታችሁ Render Resolution የሚለውን Custom አድርጉና ከ100% ወደ 80% አውርዱት። ይህ ፐርሰንት የሚቆጥረው የፒክስሉን ጠቅላላ ብዛት ስለሆነ ሥዕሉ በቁመትም በወርድም የሚቀንሰው 10% ገደማ ነው፣ ጽሑፍ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ጌሙ አይበላሽም። የፍሬሙ ጊዜ ወደ 12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወርዳል፣ ትንሽ ትርፍም ይቀራችኋል። ጌሙን ዘግታችሁ ክፈቱት፣ አንዳንዱ ለውጡን የሚቀበለው ሲነሳ ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የሜታው መተግበሪያም የራሱ የሪዞሉሽን ማስተካከያ አለው፣ የስቲምቪአሩ ፐርሰንት ደግሞ በዚያ ላይ ይባዛል። ሁለቱንም ከፍ ካደረጋችሁ ካርዱ ሳታውቁት እጥፍ ሥራ ይሸከማል። አንዱን በነባሪው ተዉትና በሌላው ብቻ ተጫወቱ። ሪዞሉሽኑን ወደ 50% አውርዳችሁም የፍሬሙ ጊዜ ካልተነቃነቀ ደግሞ የተጨናነቀው ካርዱ ሳይሆን ሲፒዩው ነው። ያኔ ሪዞሉሽኑን መልሱትና ከጀርባ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ዝጉ፣ ጌሙ ውስጥም የጥላና የርቀት ዕይታ ቅንብሮችን ቀንሱ።