መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሐረጎን አስወጡት

ደሴ የምትነዱትን መኪና ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ብቻ ሞክራችሁ እንዳትከፍሉ። አራት ሰው ጫኑና፣ ኤሲውን ክፈቱና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት አስወጡት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ማለትም 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 75 አካባቢ ነው። ቱርቦ ያለው ብዙም አይሰማውም።

ዳገቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ ራዲያተሩ የሚያገኘው ንፋስ ትንሽ ነው። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታው ከፍ ካለ ተጠራጠሩ። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነውና የክዳኑን ጎማ እዩ (ሞተሩ ሲበርድ ብቻ!)። ለብቻችሁ ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ግን ለቱርቦ ብር አትጨምሩ፣ ጥገናው ያስለቅሳል።