የፕሮጀክት ፖስተርና የ3 ደቂቃ ገለጻ ለምታዘጋጁ የነርሲንግ ተማሪዎች

ሪፖርቱን አሳጥሮ ፖስተሩ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ዋናውን ግኝት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ከላይ በትልቁ ማስቀመጥ ይሻላል። ፕሮጀክቱ የአልጋ ቁስልን ስለመከላከል ነው እንበል፤ «ከ40 ታካሚዎች መካከል ጎናቸው በሰዓቱ መቀየሩ በቻርት የተመዘገበው የ18ቱ ብቻ ነው» የሚል ርዕስ «የአልጋ ቁስል መከላከል ዳሰሳ» ከሚለው ይበልጥ አንባቢን ያስቆማል። የታካሚዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነም 45 በመቶ ብሎ ብቻ ማለፍ አይገባም።

የኤ0 ፖስተር ከመታተሙ በፊት በኤ4 ወረቀት ይሞከር፤ ቁመቱና ወርዱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ 24 ነጥብ የነበረው ፊደል 6 ይሆናል፤ በዚህ መጠን በእጅ ይዘው ማንበብ ካቃተ ጽሑፉ ተቀንሶ ፊደሉ ይተልቅ።

ገለጻውም ከዚያው ግኝት ይጀምር፤ ከዚያ መረጃው የተሰበሰበበት መንገድ ይከተላል። አልተመዘገበም ማለት ጎናቸው አልተቀየረም ማለት እንዳልሆነ ግን ጠያቂ ሳይጠብቁ ራሳችሁ ተናገሩት።