ኦሪጅናል ጫማ በፎቶ ስትለዩ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ነጭ ናይኪ ኤር ፎርስ 1 ሊገዛ ብሎ፣ ሻጩ በቴሌግራም የላከለትን ፎቶዎች ለኔ አስተላለፈልኝ። "ስፌቱን እየው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ኦሪጅናል ነው" አለኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፣ በስፌት ብቻ መፍረድ። አሁን ያለው ኮፒ ስፌቱ ቀጥ ይላል። ኦሪጅናሉ ላይ ደግሞ አንዳንዴ የተንጠለጠለ ክር ወይም ትንሽ የማስቲሽ ምልክት አይጠፋም፣ ስለዚህ አንድ ክር አይታችሁ "ኮፒ ነው" አትበሉ። ይልቅ ግራና ቀኙን አንድ ላይ አስነሱትና አወዳድሩ። ስፌቱ አንዱ ላይ ጠበቅ ሌላው ላይ ሰፋ ካለ፣ መርፌው በስቶ ክር ያልገባበት ቀዳዳ ካለ፣ ተጠራጠሩ።

ሁለተኛው ስህተት ሶሉን ካገኛችሁት ፎቶ ሁሉ ጋር ማወዳደር ነው። የኤር ፎርስ ሶል ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ክቦች አሉ። ፎቶው ከጎን ከተነሳ ክቡ እንቁላል ይመስላል፣ ያ የካሜራው ጥፋት እንጂ የጫማው አይደለም። ከላይ ቀጥ ብሎ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ፣ የምታወዳድሩትም ያው ሞዴል ይሁን። መስመሮቹ ጥልቀት ከሌላቸው ወይም ጠርዛቸው ከደበዘዘ ጥሩ ምልክት አይደለም። ሰልባጅ ከሆነ ግን ሶሉ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ይሄ ብዙም አይረዳችሁም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ካርቶኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ትክክለኛው ጫማ ሲወጣለት "አለቀ" ይላል። ኮፒ የሚሠሩትም እኮ ያንኑ ኮድ ነው የሚያትሙት! ኮዱ የሚጠቅመው ከጫማው ምላስ ውስጥ ከተሰፋው ትንሽ ወረቀት ጋር ሲነጻጸር ነው። የጓደኛዬ ካርቶን ላይ CW2288-111 ይላል፣ ይሄ የነጩ ኤር ፎርስ ኮድ ነው። የውስጡን ፎቶ አስላክንና አጉልተን ስናየው CW2288-001 ሆኖ ተገኘ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ቀለሙን ነው የሚናገሩት፣ 001 ደግሞ የጥቁሩ ነው። ነጭ ጫማ ውስጥ የጥቁር ኮድ! የጫማው ቁጥርም አልገጠመም፤ ካርቶኑ በአሜሪካ 9 ይላል፣ ይሄ በናይኪ የወንዶች ሰንጠረዥ በአውሮፓ 42.5 ነው፣ ውስጡ ግን 43 ይላል።

ካርቶኑ የሌላ ጫማ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር፣ የውስጡ ኮድ ከቀለሙ ጋር አለመግጠሙ ግን በካርቶን መቀየር አይመጣም። ሁሉም ቢገጥምም ጥሩ የተሠራ ኮፒ በፎቶ ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት መመለስ እንደሚቻል በጽሑፍ አስላኩ። ጓደኛዬ ይህንን ሲጠይቅ ሻጩ ብሎክ አደረገው።