መድኃኒት ሳያቋርጡ ስለመውሰድ በሚሰጠው ምክር፣ በአድኸረንስ ካውንስሊንግ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች፣ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚሠራው ፒኤምቲሲቲ ክፍል ለምትገቡ ተማሪዎች

"መድኃኒትሽን በደንብ እየወሰድሽ ነው አይደል?" ይሄን ጥያቄ እባካችሁ ተዉት። ለኮሚዩኒቲ ነርሲንግ ልምምድ የሚመጡ ልጆች ሁሉ በዚ ነው የሚጀምሩት። መልሱን እናንተው ነግራችኋት እናትየው "አዎ" ከማለት ውጪ ምን ትበል? ጋዋን ለብሳችሁ ካርዷን ይዛችሁ፣ ውጪ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ "አይ አቋርጬ ነበር" የምትል እናት አላየሁም። ካርዱ ላይ "ጥሩ" ተብሎ ይጻፍና ችግሩ የሚታወቀው ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም ደሟ ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ ከፍ ብሎ ሲመጣ ነው፣ እስከዛ ልጁ ያንኑ ጡት እየጠባ ነው።

እንዲህ ጠይቁ፦ "በየቀኑ መዋጥ ይከብዳል፣ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠሽ?" ከዛ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቀጥሎ የተረፈውን ኪኒን አብራችኋት ቁጠሩ።

አንዲት እናት ላንሳላችሁ። ልትወልድ 6 ሳምንት ሲቀራት 90 ኪኒን ወስዳለች፣ ልጇን ለ6 ሳምንቱ ዲቢኤስ፣ ማለትም ቫይረሱ ይዞት እንደሆነ ለሚታይበት የደም ምርመራ፣ ይዛ ስትመጣ 84 ቀን ሞልቷል። መትረፍ ያለበት 6 ኪኒን ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ ግን 30 አለ። 24 ቀን አልዋጠችም ማለት ነው፣ 60ውን ለ84 ብታካፍሉት 71 ፐርሰንት አካባቢ ይመጣል፣ የምንፈልገው ደግሞ 95 እና ከዛ በላይ ነው። ተማሪዋ "አዎ እወስዳለሁ" የሚለውን ጽፋ ልትሸኛት ነበር፣ ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ!

"እስቲ ከወለድሽ በኋላ የት ነበርሽ እህቴ?" ስላት ነው ነገሩ የወጣው። የታረሰችው እናቷ ቤት ነው፣ እናቷ ደግሞ ስለ ቫይረሱ አያውቁም። ጠያቂው ሲገባ ሲወጣ ይውላል፣ ለብቻዋ የምትሆንበት ሰዓት የለም፣ ብልቃጡ በተነካ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ልጁን ቫይረሱ እንዳይዘው የሚሰጠውን የኔቪራፒን ሽሮፕ ግን አንድም ቀን አላስታጎለችም፣ "የሕፃን ቫይታሚን ነው" ብላ እናቷ ፊት በሲሪንጅ 1.5 ሚሊ ሊትር በቀን አንዴ ትሰጠው ነበር። እንዲህ ያለችን እናት ቸልተኛ ብሎ መቆጣት ምን ይባላል?

ኪኒኗን እዛው ዋጠች፣ ለቫይራል ሎድ ደም ተወሰደ፣ የልጁንም ዲቢኤስ ወሰድን። ጡት እያጠባች ስላቋረጠች ልጁ ከፍተኛ ተጋላጭ ሆኗል፣ ስለዚ በ6 ሳምንት ሊቆም የነበረው የልጁ መድኃኒት ሐኪም አይቶት እንዲቀጥል ተደረገ። ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅንበት፣ ድምፁ ጠፋ። መዋጫ ሰዓቷን እናቷ ቤተክርስቲያን ወደሚሄዱበት ማለዳ አዛወረችው፣ ይሄን ሰዓት የመረጠችው እሷ ናት።

ይሄ ሁሉ ግን ከመውለዷ በፊት መጠየቅ ነበረበት። ወሯ ሲገባ "የት ነው የምትታረሺው? እዛ ቤት ማን ያውቃል? ኪኒኑን የት ታስቀምጪዋለሽ? ስትወልጂ ለመውሰድ በቂ አለሽ?" በሏት። ገጠር የምትሄድ ከሆነ ደግሞ የልጁን ሽሮፕ አለካክ በእጇ አስለክታችሁ እዩ፣ በቃል መንገር አይበቃም።

ሌላው የሚያናድደኝ አይረን ነው። ያው ነፍሰ ጡር ሁሉ አይረን ፎሌት ይሰጣታል፣ እና ከኤችአይቪ መድኃኒቷ፣ ከኤአርቲ ኪኒኗ ጋር በባዶ ሆድ አንድ ላይ ትውጠዋለች። አይረኑ ኪኒኑ ውስጥ ያለውን ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት ይይዘውና ወደ ደም በደንብ አይገባም፣ ኪኒን ብትቆጥሩ ልክ ነው፣ ቫይራል ሎዱ ግን ላይወርድ ይችላል። ከምግብ ጋር ከሆነ ሁለቱን አብራ ብትወስድ ችግር የለውም። በባዶ ሆድ ከሆነ ኤአርቲው ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ። ካልሺየምም እንደዛው ነው። ብትጾም እንኳ ምግብ ከምትቀምስበት ሰዓት ጋር አያይዙላት፣ "ጾሙን ተዪ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሁለተኛ አትመጣም።

ጡትን በተመለከተ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው፣ ውሃ፣ ቅቤ፣ አብሽ የለም። ግን አያት ደብቀው ቅቤ ካላሱት ጡቱን አስጥሏት ማለት አይደለም፣ ኪኒኗን እየወሰደች ማጥባቷን ትቀጥል።

ባሏ ካላወቀ "ዛሬውኑ ንገሪው" አትበሏት። ይመታት እንደሆነ፣ ከቤት ያባርራት እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

ቤቷ ስትሄዱ የኤችአይቪ ጽሑፍ ያለበት ቦርሳ፣ ጃኬት ምናምን አትያዙ።

የ6 ሳምንቱ ዲቢኤስ ኔጌቲቭ ሲመጣ ደግሞ "ልጅሽ ነፃ ነው" ብላችሁ አትሸኟት። "እስካሁን አልተያዘም" በሏት፣ ጡት እስካለ ድረስ ተጋላጭነቱ አለ። ከ6 ሳምንቱ ጀምሮ ሌሎች ኢንፌክሽኖችን የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞል ይወስዳል፣ የመጨረሻው ምርመራ 18 ወር ሲሞላው ነው፣ ያኔም እየጠባ ከሆነ ጡት ከጣለ ቢያንስ ከ6 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ቀኑን ካርዷ ላይ ጻፉላት፣ እናት ለእናት ቡድኗ ውስጥ የምታምናት ሴት ካለች እሷም ታስታውሳት።