የጌም ሙዚቃ ከእርጋታ ወደ ውጊያ ሳይቆረጥ እንዲሸጋገር

ከጓደኛዬ ጋር ፒያሳ ላይ የሚካሄድ ትንሽ ጌም እየሠራን ነው። ተጫዋቹ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ቸርችል ጎዳና ዘና ብሎ ሲወርድ ክራርና ዋሽንት ይሰማል። ቅያስ ውስጥ ጠላት ሲገጥመው ከበሮና ቤዝ ይጨመራሉ። ዜማው ግን ያው ነው፤ ተደረበበት እንጂ አልተቀየረም።

መጀመሪያ ሙዚቃውን በስቴም ከፋፍሉ። ስቴም ማለት ለብቻው የወጣ የድምፅ ፋይል ነው። እኛ ሦስት አለን፦ ክራርና ዋሽንት አንድ፣ ቤዝ አንድ፣ ከበሮ አንድ። ፍጥነታችን በደቂቃ 96 ምት ነው። ባለ አራት ምት አንዱ ባር 2.5 ሰከንድ ይፈጃል፤ 16 ባር ደግሞ ልክ 40 ሰከንድ። ሦስቱም ፋይሎች እኩል 40 ሰከንድ መሆን አለባቸው። በWAV ወይም በOGG አውጧቸው። MP3 ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር ፋይሉ አልቆ ወደ መጀመሪያው በዞረ ቁጥር እንቅፋት የመታው ይመስላል።

ቅኝቱም አንድ ይሁን። እኔ ለእርጋታው ትዝታ፣ ለውጊያው አንቺሆዬ አድርጌ ነበር። ለየብቻ ሲሰሙ ያምራሉ። አብረው ሲጫወቱ ግን ጆሮ ይበላሉ፤ ዋሽንቱ በውጊያው ጊዜም ከላይ እየተጫወተ ነዋ።

ቀጥሎ ሦስቱንም በአንድ ቅጽበት አስጀምሩ። የቤዝና የከበሮውን ድምፅ ዜሮ አድርጉት፤ ፋይሎቹን ግን አታቁሙ። ዋናው ምስጢር እዚህ ጋ ነው። ከበሮው ሳይሰማ አብሮ እየሮጠ ስለሆነ፣ በየትኛውም ሰከንድ ድምፁን ብትከፍቱት ምቱ ላይ ይገኛል። ውጊያ ሲመጣ ከዜሮ ብታስጀምሩት ግን ከክራሩ ጋር ይጣላል።

ድምፁ ሲገባ ፈጣን፣ ሲወጣ ዝግ ያለ ይሁን። እኛ ከበሮውን በግማሽ ሰከንድ እንከፍታለን፤ ለመዝጋት 6 ሰከንድ እንሰጠዋለን። የሚቀጥለው ባር እስኪጀምር እንጠብቅ ብለን ሞክረን ነበር። እስከ 2.5 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ እስከዚያ ተጫዋቹ ሁለቴ ተመቷል።

ያስቸገረን ሌላ ነገር ነው። ጠላት 8 ሜትር ሲቀርብ ከበሮው ይከፈታል፣ ሲርቅ ይዘጋል ብለን ነበር። ተጫዋቹ ድንበሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ከበሮው እንደ ተበላሸ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ። መፍትሔው መግቢያና መውጫውን መለየት ነው፦ 8 ሜትር ላይ ይከፈታል፤ የሚዘጋው ግን ጠላት ከ14 ሜትር ውጭ 4 ሰከንድ ከቆየ ብቻ ነው።

የድምፅ መጠኑን ሦስቱንም ከፍታችሁ አስተካክሉ። ክራሩን ብቻውን እስከ ጣሪያው ካደረሳችሁት ቤዙ ሲጨመር ድምፁ ይሰነጠቃል።

ሲያልቅ ስክሪኑን ሳታዩ አንድ ሰው ያጫውትላችሁ። ከበሮው መቼ እንደገባ ካወቃችሁ ደህና ነው። መቼ እንደወጣ ካወቃችሁ ግን የመዝጊያውን 6 ሰከንድ አስረዝሙት።