ከግራው ኤርፎን ከበሮው ሲጠፋ

ደብረ ማርቆስ ላይ የተስተካከለ ኤርፎን ነው። የግራው ድምፅ ቀንሶ የከበሮው ጉምታ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር፤ ሲፈተሽ ሁለት ችግር ተደራርቦ ተገኘ።

ላስቲኩ ሲነቀል ከሥሩ ያለችው ወንፊት ግማሿ ተደፍኗል፤ ቡናማ ኩክ ከአቧራ ጋር ተጋግሮባታል። እዚህ ላይ መርፌ አይነካም! ወንፊቷን ይቀድዳል፣ ኩኩንም ወደ ውስጥ ይገፋል። ወንፊቷን ወደ መሬት አዙሮ በደረቅ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያሉ መጥረግ ነው፤ የተላቀቀው ወደ ታች ይረግፋል። አልኮልም አይፈስባትም፣ የያዛትን ሙጫ ሊያላቅቅ ይችላል። ላስቲኩ ለብቻው ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይታጠብና ሲያድር፣ በደንብ ሲደርቅ ይገጠማል።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተመለሰ፤ ከበሮው ግን አሁንም ስስ ነው። ኤርፎኑን በጣት ቀስ አድርጎ ጫን ሲሉት ከበሮው ከመጣ፣ በላስቲኩ ዳር አየር እያፈተለከ ነው። ወፍራም ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው ጆሮ ውስጥ ያለው አየር ሲታፈን ነውና ትንሽ ክፍተት ብትኖር መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ስለዚህ የግራው ከመካከለኛ ወደ ትልቅ ላስቲክ ተቀየረ፤ ቀኙ በመካከለኛው ቀረ። የሁለቱ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ይችላል፣ የግድ ተመሳሳይ መልበስ የለባቸውም። ጥሩው መፈተኛ ቆሎ እየቆረጠሙ መስማት ነው፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ከበሮው ሄድ መጣ ካለ ልኩ አይደለም። ጆሮ ካመመ ወይም የላስቲኩ ጠርዝ ከታጠፈ ደግሞ መጠኑ በዝቷል፤ እጥፋቱ ራሱ አየር ያስወጣል።